የጨለማ ቪዲዮ ኖይዝ ማጥፊያ፦ ፊትን ሰም ሳያስመስል የሚያጸዳው የቱ ነው?

የመልስ ማታ የሚቀርጽ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ስታዲየምና ሜክሲኮ አካባቢ ያሉ አዳራሾች ውስጥ ኬክ ሊቆረጥ ሲል መብራት ይቀነሳል። ካሜራው አይኤስኦ 12800 ላይ ይወጣል። ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት የሙሽራዋ ጉንጭ ላይ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ሲርመሰመስ ታያላችሁ። ኖይዙን ስታጠፉት ደግሞ የቆዳዋ ወዝ፣ የሹሩባዋ መስመርና የካባዋ ጥልፍ አብረው ይጠፋሉ። ፊቷ ሰም ይሆናል።

ለዚህ ሥራ አብዛኛው ኤዲተር ከሦስት አንዱን ለመግዛት ያስባል፦ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ፣ ኒት ቪዲዮ ወይም ቶፓዝ ቪዲዮ። የኔን ምርጫ ከአሁኑ ልናገር። ሠርግ ለሚሠራ ሰው ሪዞልቭ ስቱዲዮ ይቀድማል። ኒት ቪዲዮ አንዳንድ ቦታ ይበልጠዋል። ቶፓዝን ግን ለፊት ቅርብ ቀረጻ አልመክርም። ምክንያቱን በአንድ ክሊፕ ላሳይ።

ክሊፑ እንዲህ ያለ ነው። ተራ ሚረርለስ ካሜራ፣ 8 ቢት፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50፣ ሌንሱ ከ f/4 በታች የማይወርድ። ሙሽራዋ ከፊት ናት። ከኋላዋ እናቷ ነጠላ ለብሳ ቆማለች። ዳር ላይ ወጣቶች እስክስታ ይመታሉ። አንድ ፍሬም ውስጥ ቅርብ ፊት፣ ሩቅ ፊት፣ ስስ ጨርቅና ፈጣን እንቅስቃሴ አለ። ኖይዝ ማጥፊያ የሚፈተነው በእነዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን ፊት ለምን ሰም እንደሚሆን እንይ፤ ዋጋ የምትከፍሉት ለዚሁ ነው። ኖይዝ የሚጠፋበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው አንድን ፒክስል እዚያው ፍሬም ላይ ካሉት ጎረቤቶቹ ጋር ያማክለዋል። ችግሩ የቆዳ ቀዳዳና የኖይዝ ነጥብ መጠናቸው ተቀራራቢ መሆኑ ነው። ሶፍትዌሩ ሁለቱን አይለይም፤ አንድ ላይ ይጠርጋቸዋል። ጠይም ፊት በደብዛዛ መብራት ሲቀረጽ ደግሞ ይብሳል። ፊቱ የሚያርፈው ኖይዝ በሚበዛበት ጨለማው ክፍል ላይ ነው፤ የቆዳው ሸካራነት የሚያሳየው የብርሃን ልዩነትም በጣም ትንሽ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ያንኑ ቦታ በቀደሙትና በሚከተሉት ፍሬሞች ላይ እያየ ያማክላል። ኖይዝ በየፍሬሙ ይቀያየራል፤ ሽፋሽፍት ግን ባለበት ነው። አምስት ፍሬም ሲማከል ኖይዙ ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ሽፋሽፍቱም ይተርፋል። የዚህኛው ድክመት እንቅስቃሴ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ጥላ እየጎተተ ይሄዳል። ስለዚህ ፊትን የሚያድነው ሁለተኛውን ማስቀደም፣ የመጀመሪያውን ደግሞ እንደ ጨው ቆንጥሮ መጨመር ነው። ሦስቱም ሶፍትዌሮች የሚለያዩት ይህን እንድታደርጉ ምን ያህል በመፍቀዳቸው ነው።

ሪዞልቭ ስቱዲዮ ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጦላችኋል፤ የምወደውም ለዚህ ነው። ነጻው ሪዞልቭ ላይ ኖይዝ ማጥፊያው አይሠራም፤ ብትሞክሩት ምስሉ ላይ ማኅተም ይለጥፍበታል። ማኅተሙ እያለም ቢሆን ውጤቱን ሳትከፍሉ ማየት ይቻላል። Color ገጽ ላይ ገብታችሁ ከማናቸውም የቀለም ሥራ በፊት፣ የመጀመሪያው ኖድ ላይ አድርጉት። ሻርፕ ካደረጋችሁ በኋላ ኖይዝ ለማጥፋት መሞከር ልፋት ነው፤ ኖይዙም አብሮ ተስሏላ።

በዚህ ክሊፕ በፍሬሞች መካከል በሚያማክለው Temporal NR ላይ Frames 2፣ ከታች ደግሞ Better እመርጣለሁ። 2 ማለት ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ፣ ከራሱ ጋር አምስት ፍሬም ነው። ብርሃኑ Luma እና ቀለሙ Chroma ተያይዘው ስለሚመጡ አላቋቸው። Luma 6 አካባቢ፣ Chroma 12 አካባቢ ይበቃል። ዓይናችን የቀለምን ዝርዝር ብዙም አይከታተልም። ቀይና አረንጓዴው ነጠብጣብ በኃይል ቢጠፋ ፊቱ አይጎዳም። ፊትን የሚያበላሸው Luma ሲበዛ ነው። ከዚያ በአንድ ፍሬም ውስጥ በሚያማክለው Spatial NR ላይ Luma ዜሮ ወይም 2፣ Chroma 8 ገደማ። አለቀ።

መብዛቱን እንዴት ታውቃላችሁ? Highlight ከዚያ Difference ስትጫኑ ሪዞልቭ ከምስሉ ላይ ያነሳውን ብቻ ለይቶ ያሳያችኋል። እዚያ መታየት ያለበት ቅርጽ የሌለው አሸዋ ነው። የሙሽራዋ የዓይን ዙሪያ፣ የሹሩባዋ መስመር ወይም የነጠላው ጥለት በስሱ ከታየ ዝርዝሩን እየጣላችሁ ነው። ቅርጹ እስኪጠፋ ድረስ Luma ቀንሱ። ኖይዝ ማጥፊያ ስትጠቀሙ ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ የለም። በዓይን ብቻ የሚሠራ ሰው ቀስ በቀስ ዓይኑ ሰሙን ይለምደዋል።

እስክስታው ላይ ሪዞልቭ ይፈተናል። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሸሚዙ ጠርዝ ሁለት ይሆናል። ያኔ Motion የሚለውን ከ50 ወደ 25 አካባቢ አውርዱት። የሚንቀሳቀሰውን ቦታ ይተወዋል ማለት ነው። ትከሻው ትንሽ ኖይዝ ይቀረዋል፤ ግን እንቅስቃሴው ራሱ ስለሚያደበዝዘው አይረብሽም። ስሪት 19 ላይ የገባው UltraNR ደግሞ ለከባድ ኖይዝ ጎበዝ ነው፤ የሚሠራው ግን በSpatial ክፍል ስለሆነ ሲበዛ እሱም ሰም ያመጣል። እኔ ለግድግዳና ለመጋረጃ ነው የምጠቀምበት።

ኒት ቪዲዮ ለብቻው የሚሠራ ፕሮግራም ሳይሆን ፕሪሚየር፣ ፋይናል ከት ወይም ሪዞልቭ ውስጥ የሚገባ ተጨማሪ ነው። ልዩ የሚያደርገው የእናንተን ካሜራ ኖይዝ ለክቶ መነሳቱ ነው። ከምስሉ ላይ ምንም ዝርዝር የሌለበት ቦታ ትመርጡለታላችሁ። ካሬው 128 በ128 ፒክስል ቢሆን ጥሩ ነው። እሱም የኖይዙን ጠባይ ያጠናል። ርካሽ ካሜራ ሲጨምቀው ወደ ትልልቅ የሚዋኝ ጉድፍ የሚቀየረውን ኖይዝ ከሪዞልቭ በተሻለ የሚያጠፋው ለዚህ ነው። በክሊፓችን ላይ ከእናትየዋ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ሪዞልቭ ጉድፉን ያቀዘቅዘዋል፤ ኒት ቪዲዮ ያነሳዋል።

አስቸጋሪው የሚለካበት ቦታ ማግኘት ነው። የአዳራሾቻችን መጋረጃ ጥልፍ አለው፣ ግድግዳው ላይ ባለቀለም መብራት ይሽከረከራል። ጥልፉ ላይ ከለካችሁ ጥልፍን እንደ ኖይዝ ይቆጥርና የነጠላውን ጥለት ያጥብላችኋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በዚያው አይኤስኦና በዚያው መብራት ግራጫ ወረቀት ጥቂት ሰከንድ፣ ከፎከስ አውጥታችሁ ቅረጹ። አይኤስኦው አውቶ ከሆነ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው፤ በየደቂቃው ኖይዙ ይቀየራል። መነሻው ላይ ከሚሰጣችሁ መጠን የብርሃኑን ቀንሱ፣ የቀለሙን ተዉት። ስትገዙ ሁለት ነገር አረጋግጡ። ፈቃዱ ለየፕሮግራሙ ነው፤ ለፕሪሚየር የገዛችሁት ሪዞልቭ ላይ አይሠራም። ርካሹ እትም በምስል መጠን ይገደባል፤ 4ኬ የምትሠሩ ከሆነ ደረጃውን አይታችሁ ግዙ።

ወደ ቶፓዝ እንምጣ። ቆሞ ሲታይ የሚያስደንቀው እሱ ነው። ፍሬሙን አቁማችሁ ካያችሁት የሙሽራዋ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። አጫውቱት። ሽፋሽፍቱ ከፍሬም ፍሬም ይዋኛል፤ ጉንጯ ደግሞ የመስታወት ልሙጥ ነው። ሶፍትዌሩ ዝርዝሩን የሚያወጣው ከቀረጻው ብቻ አይደለም፤ ከተማረው እየገመተ ይሞላዋል። ከኋላ ያለችው እናት ላይ ይህ ከባድ ነገር ነው። ፊቷ ፍሬሙ ውስጥ ትንሽ ስለሆነ ዓይንና አፍ ይፈጥርላታል። ቤተሰብ የሚያውቃት እናት በሌላ ሴት ፊት ትቀርባለች። እኔ ከዚህ ኖይዙ ይሻለኛል። ደንበኛው ለዘመኑ ሁሉ የሚያስቀምጠው ቪዲዮ ነው።

ቶፓዝ የሚጠቅመው ፊት ለሌለበት፣ ጨርሶ ለተበላሸ ቀረጻ ነው። የአዳራሹ ሰፊ እይታ፣ ጌጣጌጥ፣ ኬክ። ያኔም Nyx የሚለውን ሞዴል መርጣችሁ በመጨረሻ ጥቂት ግሬን መልሱበት። ጊዜው ረጅም ነው፤ መካከለኛ ላፕቶፕ ላይ ለአጭር ክሊፕ ማደር ይፈልጋል። መብራት ቢጠፋ የሠራው እንዳይጠፋ በቪዲዮ ሳይሆን በተከታታይ ፎቶ ኤክስፖርት አድርጉ። ካቆመበት መቀጠል ትችላላችሁ። አሁን የሚሸጠው በየጊዜው በሚከፈል ክፍያ ነው። በየጊዜው ዶላር መፈለግ ለእኛ ከዋጋው በላይ ራስ ምታት ነው።

አንድ ነገር ግን ከኖይዝ ማጥፊያው በፊት፣ ቀረጻው ላይ ነው መስተካከል ያለበት። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ሻተሩ 1/60 ወይም 1/125 ከሆነ የምስሉ ብርሃን ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ያኔ ፍሬሞቹ በብርሃን ስለሚለያዩ ማማከሉ ይምታታል። 1/50 ወይም 1/100 ላይ ቅረጹ።

ገንዘብ ለጊዜው የሌለው ደግሞ ትእዛዝ እየተጻፈለት በሚሠራው ነጻ ፕሮግራም በኤፍኤፍኤምፔግ ይጀምር።

```
ffmpeg -i mels.mp4 -vf hqdn3d=1.5:6:5:9 -c:v libx264 -crf 16 -c:a copy mels_dn.mp4
```

ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል፦ በአንድ ፍሬም ውስጥ ብርሃን፣ ቀለም፤ ከዚያ በፍሬሞች መካከል ብርሃን፣ ቀለም ናቸው። የመጀመሪያው ትንሽ የሆነው ፊት እንዳይቀባ ነው። ማጣሪያው እንቅስቃሴን ስለማይከታተል ንግግርና ኬክ ላይ ደህና ነው፤ እስክስታ ላይ ጥላ ይጎትታል።

ሪዞልቭ ስቱዲዮ ዋጋው 295 ዶላር ነው፤ አንዴ ከፍላችሁ ሁለት ኮምፒውተር ላይ ትጠቀማላችሁ። በፕሪሚየር የምትሠሩና መቀየር የማትፈልጉ ከሆነ ግን ኒት ቪዲዮን ግዙ፤ ለአንድ ባህሪ ብሎ የለመዱትን ፕሮግራም መተው ዋጋ የለውም። ግራፊክስ ካርዳችሁ 4 ጊጋ ብቻ ከሆነ ሪዞልቭ 4ኬ ላይ ማህደረ ትውስታ ሞላ እያለ ያስቸግራል፤ በኤችዲ ሥሩ። የሪዞልቭ አምራች ከሆነው ብላክማጂክ አንዳንድ ካሜራዎች ጋር የስቱዲዮ ቁልፍ አብሮ ይመጣል። ያገለገለ ካሜራ የምትገዙ ከሆነ «ቁልፉ አለ» መባሉ ብቻ አይብቃችሁ፤ ሻጩ ፊት ለፊት ኮምፒውተራችሁ ላይ አስገብታችሁ ሲከፍት ካያችሁ በኋላ ክፈሉ።