የዝገት እድፍ ከነጭ ሴራሚክና ከኢናሜል ገንዳ ሲለቀቅ፦ ሎሚ ወይስ ኦክዛሊክ አሲድ?

ሁለቱም የሚሠሩት ዝገቱን በመፋቅ ሳይሆን አሟሙተው በማንሳት ስለሆነ፣ ገጹን አይቧጭሩም። የብረት ሽቦ ግን ከመቧጨሩም በላይ ብናኙ ቀርቶ እንደገና ይዝጋል፤ በረኪናም ዝገትን አያስለቅቅም፣ ከአሲድ ጋር ሲገናኝም መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

ሎሚ ርካሽና በየቤቱ የሚገኝ ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። የመላጫ አረፋ ቆርቆሮ ገንዳው ጠርዝ ላይ የተወውን ቡናማ ቀለበት እንውሰድ፦ በሎሚ ጭማቂ የራሰ ሶፍት ይለጠፍበታል፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ተነሥቶ በለስላሳ ስፖንጅ ይታበስና በብዙ ውኃ ይታጠባል። ሶፍቱ ቢጫ ከሆነ ዝገቱ እየለቀቀ ነው፤ ይደገማል። ጨው መጨመር የተለመደ ቢሆንም፣ የጨው ፍሬ በተለይ ያረጀ ኢናሜልን ሊጭር ስለሚችል እኔ አልመክረውም።

ኦክዛሊክ አሲድ ያለበት ማጽጃ ዋጋው ከፍ ቢልም፣ ሎሚ ያልበገረውን የቆየ እድፍ በደቂቃዎች ውስጥ ያነሣል። ሆኖም ቢዋጥ መርዝ ነው፤ ጓንትና የተከፈተ መስኮት ያስፈልጉታል። ዱቄት ከሆነም ፈጽሞ በደረቁ አይፈተግም።

ሁለቱም ቢሆኑ ኢናሜልን ሊያደበዝዙ፣ በሴራሚክ መካከል ያለውን ሲሚንቶም ሊበሉ ይችላሉ። ስለዚህ አስቀድሞ በማይታይ ጥግ ላይ መሞከርና ሲሚንቶውን በውኃ ማርጠብ ይገባል።

ለአዲስና ለስስ እድፍ፣ ሕፃናት ላሉበት ቤትም ሎሚ ይመረጣል፤ ለዓመታት በሚንጠባጠብ ቧንቧ ሥር ለጠቆረ ሴራሚክ ኦክዛሊክ አሲዱ ይሻላል። ኢናሜሉ ተሸርፎ ብረቱ ከታየ ግን የትኛውም አይዘልቅም፤ ሽራፊው በኢናሜል መጠገኛ ካልተሸፈነ ዝገቱ ይመለሳል።