«A15 vs A16» ወይስ «best phone for…»? ስልክ ልትገዛ ስትል ጎግል ላይ የትኛውን ትጽፋለህ?

የአክስቴ ስልክ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ገባና አለቀለት። «ሳምሰንግ ይሁን፣ ብዙ ዓመት ያገልግለኝ» ብላ ገንዘቡን ሰጠችኝ። ሱቅ ስደርስ ልጁ ሁለት ካርቶን ደረደረልኝ፤ ጋላክሲ A15 እና A16። ልዩነታቸውን ብጠይቀው «ይሄ አዲሱ ነው» ብሎ ዝም አለ። ወጥቼ ስልኬን አወጣሁ።

መጀመሪያ የጻፍኩት «A15 vs A16» ነው። ሁለት ስልክ ላይ ከደረስክ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጥልሃል። ችግሩ ርዕሱ የስሙን ጭራ መቁረጡ ነው። A15 ባለ 4ጂም ባለ 5ጂም አለው፤ A16ም እንደዚያው። ስለዚህ ሁለት ስልክ በሚመስለው ርዕስ ውስጥ አራት ስልክ ተደብቋል።

ያየሁት ቪዲዮ A16 ይፈጥናል ይላል። ቪዲዮው ላይ ያለው ልጅ የያዘው ግን 5ጂዎቹን ነበር፤ የእነሱ ፕሮሰሰር ይለያያል። እኔ ፊት የነበሩት 4ጂዎቹ ሁለቱም Helio G99 ናቸው። ፍጥነታቸው ያው ነው። ቪዲዮው አልዋሸም፤ ያወራው ስለ ሌላ ስልክ ነው።

ይህን የምትለየው ካርቶኑን ገልብጠህ ነው። ተለጣፊው ላይ SM-A155F ካለ A15 4ጂ ነው፣ SM-A165F ካለ A16 4ጂ። SM-A156 ወይም SM-A166 ብሎ ከጀመረ 5ጂ ነው። ካርቶን ከሌለው ሴቲንግ ውስጥ About phone ላይ ታገኘዋለህ። ከዚያ ፍለጋውን እንዲህ አስተካክለው፦

```
"Galaxy A15" "Galaxy A16" 4G vs -5G
```

የመቀነስ ምልክቷ 5G የሚል ቃል ያለበትን ገጽ ሁሉ ታስወጣለች። አንዳንዴ ጥሩውንም ይዛው ትሄዳለች። ውጤቱ ከሳሳብህ እሷን አጥፋት።

እንዲህ ሲጠራ የቀረው ልዩነት ጥቂት ነው። ባትሪው በሁለቱም 5000 ነው፣ ዋናው ካሜራም 50 ሜጋፒክስል። የA16 ስክሪን 6.7 ኢንች ነው፣ የA15 6.5። A16 የIP54 መከላከያ አለው፤ ይህ አቧራና የውኃ ፍንጣቂ ይችላል ማለት እንጂ ሳፋ ውስጥ ቢገባ ይተርፋል ማለት አይደለም። ትልቁ ልዩነት ሶፍትዌሩ ላይ ነው። ሳምሰንግ ለA15 አራት የአንድሮይድ ማሻሻያና የአምስት ዓመት የደኅንነት እድሳት ቃል ገብቷል፤ ለA16 ደግሞ ስድስት ማሻሻያና ስድስት ዓመት።

እስከዚህ ድረስ A16 አሸንፏል። «vs» የሚነግርህም ይህንኑ ነው፤ ማን እንደሚያሸንፍ። ለማን እንደሚያሸንፍ አይነግርህም።

«Best phone for seniors» ብዬ ጻፍኩ። እዚህ ጋ ጠንቀቅ ማለት ነው። ብዙዎቹ ዝርዝሮች ሊንካቸውን ተጭነህ ስትገዛ ኮሚሽን የሚያገኙ ናቸው፤ ርዕሳቸው ላይ ያለው ዓመት ተቀይሮ ውስጡ ያምናው የሆነም አለ። ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ስልክ መርካቶ ላይኖርም ይችላል። እኔ ቶሎ የማየው ጉድለት የሚለውን ክፍል ነው፤ ለአንዱም ስልክ ጉድለት ካልጻፉ ገጹን እዘጋዋለሁ። ሞዴል ለመምረጥ ብዙም አይረዳም። ምን ብለህ እንደምትጠይቅ ግን ያስተምርሃል። አንዱ ላይ «የኤርፎን ቀዳዳ አለው?» የሚል ነገር አየሁና ደነገጥኩ። አክስቴ ማታ ማታ በገመድ ኤርፎን መዝሙር ሳትሰማ አትተኛም። A15 ቀዳዳው አለው፣ A16 የለውም። በቻርጀሩ ቀዳዳ የሚሰካ ኤርፎን አለ፤ ግን ስልኩ ቻርጅ ላይ እያለ አትሰማበትም፣ እሷ ደግሞ ሰክታው ነው የምትተኛው።

«A15 review» የሚለው የመጨረሻዬ ነበር። እንዲሁ ብትጽፈው ካርቶን ሲከፈት የሚያሳይ ቪዲዮ ይመጣልሃል፤ የመጀመሪያ ቀን ስልክ ደግሞ ሁሉም ጥሩ ነው። «after 6 months» ወይም «long term» ጨምርበት፤ ያኔ ቆይቶ መጎተት ስለመጀመሩ፣ ባትሪው ስለመድከሙ የሚያወራ ሰው ታገኛለህ።

A15ን ገዛሁላት። በሁለት ያነሰ ማሻሻያ ለእሷ ከኤርፎኑ አይበልጥባትም ብዬ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ታክሲ የሚነዳው ወንድሜ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ደወለ። እሱ ቀኑን ሙሉ አቧራ ላይ ነው፣ ኤርፎኑም በብሉቱዝ ነው። A16 አልኩት።

«ለእሷ ግን A15 ይሻላል አላልክም?» አለኝ።