አንድ ሚክሰርና ሁለት የቧንቧ ሠራተኞች

አገር ቤት በቆየሁባቸው አምስት ሳምንታት ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ስለ አብዛኞቹ የምለው ጥቂት ነው፤ መኪናው በሰዓቱ መጥቷል፣ የተከራየሁት ቤት ንጹሕ ነበር፣ አከራይዋም ደግ ሴት ናቸው። በዝርዝር ልጽፍበት የወደድኩት የቤቱን ሻወር ለመጠገን ስለ መጡት ሁለት የቧንቧ ሠራተኞች ነው። ሁለቱም እጃቸው የታረመ ባለሙያዎች ናቸው፤ ችግሩን የፈታው ግን ሁለተኛው ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን ያሳሳትኩትም እኔው ነኝ።

የሻወሩ ሚክሰር ሙቁንም ቀዝቃዛውንም በአንድ እጀታ የሚያቀላቅል ዓይነት ነው። ከፍቼ ከስሩ በቆምኩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ውሃው በድንገት ይበርድና ትንፋሽ ያሳጣኛል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይሞቅና መጨረሻ ላይ ከግድግዳው ጋር እስክጣበቅ ድረስ ያቃጥለኛል፤ ወዲያው ደግሞ መልሶ በረዶ ይሆናል። ሌላም ነገር አስተውዬ ነበር፣ ትርጉሙ ግን በጊዜው አልገባኝም። የሚመቸው ሙቀት የሚገኘው እጀታው ወደ ሙቁ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ብቻ ነበር፤ ከዚያች ቦታ የጥፍር ያህል ከተንቀሳቀሰ ውሃው ወይ ይፋጃል ወይ ይቀዘቅዛል።

ለመጀመሪያው ሠራተኛ በስልክ የነገርኩት ስለ ችግሩ ሳይሆን ስለ መፍትሔው ነበር። በምኖርበት አገር ተመሳሳይ ብልሽት ገጥሞኝ ካርትሪጅ በመቀየር ስለተፈታ፣ «ካርትሪጁ አልቋል፣ ቀይርልኝ» አልኩት። ካርትሪጅ ማለት ከእጀታው በታች የሚቀመጥ፣ በውስጡ እርስ በርሳቸው የሚንሸራተቱ ሁለት የሴራሚክ ሳህኖች ያሉት ዕቃ ነው፤ በሳህኖቹ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሲገጣጠሙና ሲለያዩ የሙቁና የቀዝቃዛው መጠን ይወሰናል። ሳህኖቹ ሲጫሩ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሲገባ ወይም ከስር ያሉት የጎማ ቀለበቶች ሲደርቁ፣ ውሃ በማይገባበት መንገድ ያልፋልና ድብልቁ እጀታውን መታዘዝ ያቆማል። ሰውየው ሲመጣ «ወንድሜ፣ ውሃው የሚለዋወጠው ሌላ ቧንቧ ሲከፈት ነው ወይስ ዝም ብሎ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔም እንደ አዋቂ «እሱን ተወው፣ ካርትሪጁ ነው» ብዬ አቋረጥኩት።

ሥራውን ግን ማመስገን አለብኝ። ሁለቱንም የውሃ መስመሮች ዘጋ፤ ብሎን እንዳይገባበት የወለሉን ማፍሰሻ በጨርቅ ሸፈነ፤ በእጀታው ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን በቢላዋ ጫፍ አንሥቶ ከስሯ ያለውን ብሎን በአለን ቁልፍ ፈታ፤ ከዚያም ካርትሪጁን አወጣ። ስፋቱን በዓይን ግምት አላለፈውም፤ ለካና 40 ሚሊ ሜትር መሆኑን አረጋግጦ፣ የእግሮቹን አቀማመጥ ለማስተያየት አሮጌውን ራሱን ይዞ ወደ መደብር ሄደ። በተለመዱት በ35 እና በ40 መካከል ያለው ልዩነት በዓይን ብዙም ስለማይታይ፣ ይህ ጥንቃቄ ሁለት ጊዜ ከመመላለስ ያድናል። አዲሱን ከመግጠሙ በፊትም መስመሮቹን ለአፍታ ከፍቶ በውስጣቸው ያለውን ዝገትና አሸዋ አስወጣ። አሮጌው ካርትሪጅ በእርግጥም ያረጀ ነበር፤ ከተዘጋ በኋላ ያንጠባጥብ የነበረው ሻወር ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠብ አላለም። በማግሥቱ ጠዋት ግን ውሃው እንደ ድሮው በረደብኝ፣ እንደ ድሮውም አቃጠለኝ።

ሁለተኛውን ሠራተኛ የጠሩልኝ አከራይዋ ናቸው። እሱ የመሣሪያ ቦርሳውን እንኳ ሳይከፍት ሻወሩን ከፈተና እጁን ከውሃው ስር አድርጎ ሰዓቱን መመልከት ጀመረ። ውሃው 15 ሰከንድ ያህል ቀዘቀዘ፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ገደማ ወስዶ ቀስ በቀስ ሞቀ፤ እንደገና 15 ሰከንድ ቀዘቀዘ። ይህ አራት ጊዜ እስኪደጋገም ድረስ ምንም ሳይናገር ቆየና «ያለቀ ዕቃ በሰዓት አይሠራም» አለ። ከዚያ ዝም ብለን እንድናዳምጥ ነገረን። ግቢው ጥግ ላይ ያለው የውሃ ፓምፕ ሲነሣ ሻወሩ ይበርዳል፤ ፓምፑ ሲጠፋ መሞቅ ይጀምራል። ድምፁን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሰማው ኖሬ ከገላ መታጠቢያው ጋር አላገናኘሁትም ነበር።

ምክንያቱን ያሳየን በግፊት መለኪያ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ በቀጥታ ከፓምፑ ይመጣል፤ ፓምፑ ግፊቱ 1.5 ባር ሲደርስ ይነሣል፣ 3 ባር ሲሞላ ይጠፋል፤ የመለኪያው መርፌም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስትወጣና ስትወርድ አየናት። ሙቁ ግን መንገዱ ሌላ ነው። የውሃ ማሞቂያው የሚሞላው ጣሪያ ላይ ካለው ታንከር ነው፤ የታንከሩ ውሃ ከሻወሩ በስድስት ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ያህል ስለሚሰጥ ሙቁ ያለው ግፊት 0.6 ባር አካባቢ ነው። እጀታው ወደ ሙቁ ጫፍ ተጠግቶ ካልቆመ የማይመቸውም ለዚህ ነበር፤ ደካማው ሙቅ ውሃ እንዲወጣ ጠንካራው ቀዝቃዛ ውሃ በጠባብ ክፍተት መታፈን ነበረበት።

ተራ ሚክሰር ሙቀት አይለካም፤ የሚያደርገው የደረሰውን ውሃ ማቀላቀል ብቻ ነው። ለምሳሌ ከማሞቂያው በደቂቃ 4 ሊትር የ60 ዲግሪ ውሃ፣ ከቀዝቃዛው መስመር ደግሞ 3 ሊትር የ18 ዲግሪ ውሃ ቢገባ ድብልቁ 42 ዲግሪ ይሆናል። እጀታው ከቦታው ሳይነቃነቅ ፓምፑ ሲነሣና የቀዝቃዛው ግፊት በእጥፍ ሲያድግ ቀዝቃዛው ከ4 ሊትር በላይ ይሆናል። በሚክሰሩ ውስጥ የተጨናነቀው ውሃም ደካማውን ሙቅ ወደ ኋላ ስለሚገፋው ሙቁ ወደ 2 ሊትር ቢወርድ ድብልቁ 32 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አሥር ዲግሪ መለዋወጥ ለገላ ብዙ ነው። አዲሱ ካርትሪጅ ይህን ሊለውጥ አይችልም ነበር።

ካርትሪጁ ራሱ ጤነኛ መሆኑንም በአንድ ቀላል ዘዴ አረጋገጠልኝ። የሙቁን መስመር መዝጊያ ዘጋና እጀታውን እስከ መጨረሻው ወደ ሙቁ ወስዶ ከፈተው፤ ቱቦው ውስጥ የቀረችው ውሃ ከወረደች በኋላ ጠብ የሚል አልነበረም። በዚህ ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስ ኖሮ ካርትሪጁ በውስጡ ያሳልፋል ማለት ነው። ይህን ሙከራ አሮጌው ካርትሪጅ ላይ አድርገነው ቢሆን ኖሮ ያረጀውን ዕቃና ግፊቱን ለያይተን ማወቅ እንችል ነበር። ማሞቂያው ሙቅ ውሃ ሲጨርስ የሚመጣው ቅዝቃዜም ከሁለቱም ይለያል፤ እሱ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል እንጂ ተመልሶ አይሞቅም።

ጥገናው በሁለት ደረጃ ተከናወነ። ከፓምፑ ጋር የተያያዘ፣ በውስጡ አየርና ጎማ ያለው 24 ሊትር የሚይዝ የግፊት ማጠራቀሚያ አለ፤ አየሩ ፓምፑ ቶሎ ቶሎ እንዳይነሣ እንደ ትራስ ያገለግላል። ፓምፑን አጥፍቶ፣ ቧንቧ ከፍቶ ግፊቱን ካስወጣ በኋላ አየሩን በጎማ መለኪያ ሲለካው ንባቡ ከዜሮ እምብዛም የራቀ አልነበረም። ሊሆን የሚገባው ፓምፑ ከሚነሣበት ግፊት በ0.2 ባር ያህል ዝቅ ብሎ ነውና 1.3 ባር እስኪሆን ድረስ በመንፊያ ሞላው። ከአየር መግቢያው ውሃ ቢወጣ ኖሮ ውስጡ ያለው ጎማ ተቀድዷል ማለት ስለሆነ መቀየር ይኖርበት ነበር። አየሩ ከተሞላ በኋላ ሻወሩ በረጋ ልክ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ መበረድ ጀመረ። ሰውየው በዚህ ጊዜ ገንዘቡን ተቀብሎ ሊሄድ ይችል ነበር፤ እሱ ግን «ይኼ አራራቀው እንጂ አላዳነውም» ሲል በግልጽ ነገረን።

ዋናው መፍትሔ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም ከአንድ ምንጭ ማምጣት ነበር። ሁለቱ አብረው ሲጨምሩና አብረው ሲቀንሱ ድርሻቸው ስለማይዛባ፣ ውሃው ቢበዛም ቢያንስም ሙቀቱ ያው ይሆናል። የማሞቂያውን መግቢያ ከፓምፑ መስመር ከማገናኘቱ በፊት ሁለት ነገሮችን ተመልክቷል፤ አንደኛው በማሞቂያው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ እስከ ስንት ባር እንደሚችል ነው፣ እሱም 8 ባር ይላል፤ ሁለተኛው መግቢያው ላይ ያለው የደኅንነት ቫልቭ እንደሚሠራ ነው፣ ምላሱን አንሥቶ ውሃ ሲለቅቅ አሳየን። አከራይዋ ፓምፑ በቆመ ቀን ሙቅ ውሃ እንዳያጡ ስለጠየቁት የጣሪያውን መስመር አልቆረጠውም፤ የፓምፑ ውሃ ወደ ታንከሩ እንዳይገፋ የማይመልስ ቫልቭ ገጠመለት። ማሞቂያው ሲሠራ ከደኅንነት ቫልቩ ጥቂት ውሃ ሊንጠባጠብ እንደሚችልና ይህም ብልሽት ስላልሆነ ማንም እንዳይደፍነው አስጠንቅቆ ሄደ።

ከዚያ በኋላ በቆየሁባቸው ሳምንታት እጀታው መሐል ላይ ቆሞ የሚመች ውሃ ይሰጠኝ ነበር። የቀረ ነገር የለም ማለት ግን አልችልም። መጸዳጃው ሲለቀቅና ገንዳው ሲሞላ ከቀዝቃዛው መስመር ብቻ ስለሚወስድ፣ ሻወሩ ለአጭር ጊዜ ሞቅ ይላል። ይህን የሚያስቀረው ግፊትን ራሱ የሚያመጣጥን ወይም ሙቀትን የሚቆጣጠር ሚክሰር ነው፤ አከራይዋ ወጪውን ለጊዜው አልፈለጉትም፣ እኔም አልፈርድባቸውም። ልጆች ይዞ ለሚመጣ ተከራይ ግን በ60 ዲግሪ የሚሠራው ማሞቂያ ውሃ በአምስት ሰከንድ ያህል ውስጥ ቆዳን ክፉኛ ሊያቃጥል እንደሚችል እንዲነግሩት ለምኛቸዋለሁ።

ከመመለሴ በፊት ለመጀመሪያው ሠራተኛ ደውዬ ጥያቄውን ስላቋረጥኩበት ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳቀና «ታዲያ ፓምፑ በየስንት ሰከንዱ ነበር የሚነሣው?» አለኝ።