ለሚጾሙ ወላጆች ክሬቲን፦ ዱቄት፣ ካፕሱል ወይስ ከረሜላ?

ከስልሳ ዓመት በላይ ለሆኑ እናት ወይም አባት ከልምምድ ጋር ጡንቻን ለማጠንከር የሚወሰደውን ክሬቲን ለመግዛት ያሰበ ሰው አራት ዓይነት ያገኛል፦ ተራው ሞኖሃይድሬት ዱቄት፣ ያው ዱቄት በካፕሱል፣ የሚታኘክ ከረሜላ፣ እና ሃይድሮክሎራይድ የሚባለው ውድ ዱቄት። እኛ የምንመክረው ጣዕም ያልተጨመረበትን ሞኖሃይድሬት ዱቄት ነው። ጎጃም ውስጥ ላለ ጿሚ ደግሞ ምክንያቱ ከዋጋም ያልፋል።

በቀን የሚፈለገው ከ3 እስከ 5 ግራም ነው። ዕቃዎቹን በ5 ግራም ሂሳብ ብናስተያያቸው እንዲህ ይሆናል፤ መጠኖቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፦

| ዓይነት | አንዱ ዕቃ | በውስጡ ያለው ክሬቲን | የሚበቃው |
|---|---|---|---|
| ተራ ዱቄት | 300 ግራም | 300 ግራም | 60 ቀን |
| ጣዕም ያለው ድብልቅ (በ10 ግራም ውስጥ 3 ግራም) | 300 ግራም | 90 ግራም | 18 ቀን |
| ካፕሱል (750 ሚሊግራም) | 120 ፍሬ | 90 ግራም | 18 ቀን |
| ከረሜላ (1 ግራም) | 60 ፍሬ | 60 ግራም | 12 ቀን |

ስለዚህ ዋጋውን በዕቃው ክብደት ሳይሆን በውስጡ ባለው ክሬቲን ግራም ያካፍሉ። ካፕሱሉን ከመረጡ እናትዎ በየቀኑ ሰባት ፍሬ መዋጥ አለባቸው፤ የደም ግፊት ክኒን ከዚያ በላይ ለሚደረብባቸው ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ከረሜላው ላይ ሌላ ችግር አለ፦ በላቦራቶሪ ከተመረመሩት ውስጥ የተጻፈውን ያህል ክሬቲን ያልተገኘባቸው ነበሩ። በፈሳሽ ተበጥብጦ የሚሸጠውን ጨርሶ ይተዉት፤ ክሬቲን ውሃ ውስጥ ሲቆይ ቀስ በቀስ ክሬቲኒን ወደሚባል ጥቅም የሌለው ቆሻሻ ይለወጣልና።

አሁን ወደ ጾሙ። ክሬቲን በተፈጥሮ የሚገኘው በሥጋና በዓሣ ነው፤ አንድ ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ ከ4 እስከ 5 ግራም ገደማ ይይዛል። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ጡንቻቸው ውስጥ ያለው ክምችት ዝቅ ያለ በመሆኑ ሲወስዱት ጭማሪው ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ዱቄቱ ግን ከከብት የወጣ አይደለም፤ ፋብሪካ ውስጥ ከኬሚካል የሚሠራ ስለሆነ በዐቢይ ጾም 55 ቀንም ሊወሰድ ይችላል። ጿሚን የሚያሰናክለው መያዣው ነው፦ ብዙው ካፕሱልና ከረሜላ የሚሠራበት ጄላቲን የሚወጣው ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው። ጽሑፉ ላይ «ጄላቲን» የሚል ካለ ለወላጅዎ አይግዙ፤ በኋላ ቢያውቁ ያዝናሉ። ሰዓቱ አያስጨንቅም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከምግቡ ጋር ቢወስደው ጠዋት ከመውሰድ የሚያንስ ጥቅም የለውም።

የሃይድሮክሎራይዱ ሻጮች «በደንብ ይሟሟል፣ ጥቂቱ ይበቃል» ይላሉ። መሟሟቱ እውነት ነው። ጥቂቱ ይበቃል የሚለው ግን አልተረጋገጠም፤ እንዲያውም ግራም ለግራም ሲታይ ከሞኖሃይድሬት ያነሰ ክሬቲን ነው ያለው፣ 78 በመቶ ገደማ ከ88 በመቶ ጋር። የሞኖሃይድሬት አለመሟሟት ደግሞ የሚፈራ ነገር አይደለም። 5 ግራሙን በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ቢበጠብጡት ከፊሉ እንደ ደቃቅ አሸዋ ብርጭቆው ሥር ይቀመጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ተበላሽቷል» ብሎ ይደፋዋል፤ የተደፋው ግን የከፈሉበት ክሬቲን ነው። ለብ ባለ ውሃ ወይም በአጥሚት ውስጥ አድርገው ወዲያው ያጠጧቸው፣ የቀረውን ትንሽ ውሃ ጨምረው አሽከርክረው ያስጨርሷቸው። በክረምት ዱቄቱ ቢጠጥርም እርጥበት ገብቶበታል ማለት እንጂ ኃይሉ ጠፋ ማለት አይደለም።

አንዳንዱ ማሸጊያ የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን 20 ግራም ውሰዱ ይላል። ለአረጋዊ አያስፈልግም። በቀን 5 ግራም ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ጡንቻውን ይሞላዋል፤ ብዙው በአንድ ጊዜ ሲወሰድ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣልም።

የሚጠበቀውን ልክ እናስቀምጥ። በ2017 የታተመ 22 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ፣ ከክብደት ልምምድ ጋር ክሬቲን የወሰዱ አረጋውያን ልምምዱን ብቻ ከሠሩት በአማካይ 1.4 ኪሎ ገደማ የበለጠ ከስብ ነፃ የሆነ የሰውነት ክብደት ማትረፋቸውን አሳይቷል። ስለ አጥንት ግን ሻጭ የሚለውን በግማሽ ይስሙ። ካናዳ ውስጥ በ2015 የወጣ ትንሽ ጥናት የዳሌ አጥንት አንገት መሳሳቱ እንደቀነሰ አሳየ፤ በ2023 የወጣው ሁለት ዓመት የፈጀና 237 ያረጡ ሴቶችን የያዘው ሰፊ ጥናት የአጥንት ጥግግት ላይ ለውጥ አላገኘም፣ የዳሌ አጥንት ቅርፅ አንዳንድ መለኪያዎች ላይ ብቻ መሻሻል አይቷል። አጥንታቸው የሳሳ እናት ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት በክሬቲን አይተኩ።

ያለ ልምምድ ደግሞ ዱቄቱን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። እንበል ፍኖተ ሰላም ያሉ የ68 ዓመት፣ 60 ኪሎ የሚመዝኑ እናት ናቸው። ማክሰኞና ቅዳሜ ግድግዳ ላይ በተጠጋ ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ይነሳሉ፣ ቀስ ብለው ይቀመጣሉ፤ ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። 12 ጊዜ ያለ ድካም ሲነሱ ባለ 3 ሊትር ጀሪካን ሞልተው ደረታቸው ላይ ይያዙ። ግድግዳ መግፋትና በጣት ቆሞ ተረከዝ ማንሳት ይጨመርበታል። «ስግደት አለልኝ» ቢሉዎት፣ ስግደት መልካም እንቅስቃሴ ነው፣ ግን ሸክሙ አያድግም፤ ጡንቻን የሚያሳድገው እየጨመረ የሚሄድ ሸክም ነው። ሲጀምሩ አምስት ጊዜ ተነስተው ለመቀመጥ ስንት ሰከንድ እንደፈጀባቸው ይጻፉ፤ ከ15 ሰከንድ በላይ ከሆነ የጡንቻ መድከም ምልክት ነው። ከሦስት ወር በኋላ ይድገሙት። በሚዛን አይፍረዱ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ውሃ ነው። በጾም ወቅት ደግሞ ሽሮውና ምስሩ በርከት ይበል፤ የጎጃም ግብጦ በደንብ ታጥቦ ምሬቱ ከወጣለት በፕሮቲን ከሽምብራም ይበልጣል።

ከመግዛትዎ በፊት ግን የኩላሊት ምርመራ ያሠሩላቸው፤ በተለይ ስኳር ወይም ግፊት ካለባቸው። ኩላሊታቸው የታመመ ከሆነ ሐኪማቸው ሳይፈቅድ አይጀምሩ። ጤነኛ ከሆኑም አንድ ወጥመድ አለ፦ ክሬቲን ሲወሰድ በደም ውስጥ ክሬቲኒን ከፍ ይላል፤ ላቦራቶሪው ደግሞ የኩላሊትን የማጣራት አቅም የሚያሰላው በእሱ ነው። ኩላሊቱ ደህና ሆኖ ወረቀቱ ደከመ ይላል፣ የስኳሩ መድኃኒትም ያለ ምክንያት ሊቀነስ ይችላል። ስለዚህ ደም ከመሰጠቱ በፊት ክሬቲን እንደሚወስዱ ለሐኪሙ ይንገሩ፣ የቀድሞውን ውጤት ይያዙ፣ ጥርጣሬ ከተነሳ ሲስታቲን ሲ የሚባለውን ምርመራ ይጠይቁ፤ እሱ በክሬቲን አይዛባም። እግር ካበጠ ወይም ሽንት ከቀነሰ ግን ዱቄቱን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው።