ከድሬዳዋ አዲስ አበባ፦ በአውቶቡስ ወይስ በአውሮፕላን?

አውቶቡሱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተብሎ 11፡10 ላይ ተነሳ፤ በመነሻ ሰዓት አይታማም። ጣጣው ኬላ ላይ ነው። ሁላችንም ወርደን ሻንጣ ሲፈተሽ፣ አንዲት እናት ከድሬ የገዟቸውን አንሶላዎች አንድ በአንድ ዘረጉ፤ 50 ደቂቃ ቆምን። ሻንጣቸውን መልሶ ያሰረላቸው ረዳቱ ነው፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ረዳት ሁሌም አይገኝም። ጣሪያ ላይ የሚጫን ዕቃ አቧራ ስለሚጠጣ በማዳበሪያ ጠቅልሉት። ስደርስ ጉልበቴ አልዘረጋም አለ።

በአውሮፕላን በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ቀድሞ መገኘቱና ሻንጣ መጠበቁ ሲደመር ግን ግማሽ ቀን ይበላል። ቢሆንም በዚያው ቀን ቀጠሮ ካለብኝ ምርጫዬ እሱ ነው። አስተናጋጇ በትህትና የሰጠችኝን ውሃ ሳልጨርስ ማረፍ ጀመርን። ሸቀጥ ለያዘ ግን አይመከርም፤ ከተፈቀደው ኪሎ ያለፈው ሁሉ ያስከፍላል።