ጓደኛህ አለቃህ ሲሆን፦ በግልጽ መነጋገር ወይስ ዝም ብሎ መላመድ?

ሹመቱ በተነገረ ሰሞን ሁለት መንገድ አለ፤ ቁጭ ብሎ መነጋገር፣ ወይም ነገሩ በራሱ መልክ እስኪይዝ መጠበቅ።

ዋጋው፦ መነጋገር የግማሽ ሰዓት እፍረት ያስከፍላል። ዝምታ ሲጀመር ምንም አያስከፍልም፤ ችግሩ የሚመጣው በሥራ አፈጻጸም ምዘና ጊዜ ነው። ዝቅ ያለ ነጥብ ሲሰጥህ «ከዳኝ» ትላለህ፤ ከፍ ያለ ሲሰጥህ ባልደረቦችህ «አደላለት» ይላሉ።

ቅለቱ፦ ንግግሩ አጭር ይሁን። «ፈቃድ ስፈልግ እንደማንኛውም ሰው በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ስለ ሌሎች ሠራተኞች በኃላፊነትህ ያወቅኸውን አትንገረኝ። ሳጠፋ ለብቻዬ ንገረኝ።» ይኸው ይበቃል። ከሦስቱ ከባዱ ሁለተኛው ነው፤ እስከ ትናንት አለቃን አብራችሁ ስታሙ ነበራ! አሁን የሚታማው እሱ ነው። አንተም የባልደረቦችህን ሐሜት ለእሱ አታደርስም፤ አንዴ ካደረስህ ከመሀላቸው ወጣህ ማለት ነው።

ስጋቱ፦ ቶሎ ካነሳኸው ልዩ አስተያየት የፈለግህ ሊመስለው ይችላል። ዝም ካልህ ደግሞ አብሮህ ምሳ አለመብላቱን እንደ ኩራት ትቆጥረዋለህ።

ለማን ይስማማል፦ ምዘናህን የሚሞላው እሱ ከሆነ፣ ይልቁንም ለቦታው አብራችሁ ተወዳድራችሁ ከነበረ፣ ተነጋገሩ። የዕለት ሥራችሁ ብዙም የማያገናኛችሁ ከሆነ ግን ሥራውን እስኪለምድ ጥቂት ሳምንት መታገሥ ይሻላል።