የማሽን ቫት እና የሪቨርስ ቻርጅ ቫት፦ ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ

ተመኑ 15 በመቶ ነው እንበል። ማሽን በ100,000 ገዛችሁ። ሻጩ 15,000 ቫት ጨምሮ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ እናንተም 115,000 ትከፍላላችሁ። ያ 15,000 የግብዓት ታክስ ነው። ሽያጫችሁ ሁሉ ታክስ የሚከፈልበት ከሆነ የማሽኑ ዋጋ ውስጥ አይገባም፤ ከሽያጭ ከሰበሰባችሁት ቫት ላይ ይቀነሳል። ችግሩ ገንዘቡ ቀድሞ ከኪስ መውጣቱ ነው። ደረሰኙ ከጠፋ ወይም የግብር መለያ ቁጥራችሁ ከተሳሳተ ደግሞ ተቀናሹ ሊከለከል ይችላል።

አሁን ውጭ አገር ላለ ድርጅት ለሶፍትዌር አገልግሎት 40,000 ከፈላችሁ እንበል። ኢንቮይሱ ላይ ቫት የለም። ስለሌለ ግን ታክስ የለም ማለት አይደለም፤ ሻጩን ተክታችሁ የምታሰሉት እናንተ ናችሁ፤ ሪቨርስ ቻርጅ የሚባለው ይህ ነው። 6,000 እንደ ሽያጭ ታክስ ታስመዘግባላችሁ፣ ያንኑ 6,000 እንደ ግብዓት ትቀንሳላችሁ። በብዙ አገር ሁለቱ በአንድ የቫት ማስታወቂያ ላይ ስለሚሰፍሩ ውጤቱ ዜሮ ነው፤ ከኪስ የሚወጣ ነገር የለም። አንዳንዱ ሕግ ግን መጀመሪያ ክፈሉ፣ ቀጥሎ ቀንሱ ይላል።

«ዜሮ ከሆነ ለምን እደክማለሁ?» የሚል ሒሳብ ሠራተኛ አይጠፋም። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ከሽያጫችሁ 60 በመቶው ብቻ ታክስ የሚከፈልበት፣ ቀሪው ነፃ ከሆነ፣ ከ6,000 የምትቀንሱት 3,600 ነው። 2,400 የእናንተው ወጪ ሆኖ ይቀራል። በማሽኑም በኩል በዚሁ ሒሳብ ከ15,000 ውስጥ የማይቀነሰው 6,000 ወደ ዋጋው ይጨመራል። ልዩነቱ፣ የማሽኑን ቫት ደረሰኙ ያስታውሳችኋል፤ የአገልግሎቱን የሚያስታውሳችሁ የለም። ስለዚህ በየወሩ የውጭ ክፍያዎችን ከባንክ ስቴትመንት ላይ አውጥታችሁ ከቫት ማስታወቂያው ጋር አስተያዩ።